የኤአይ መተግበሪያ ስለ ፎቷችሁ ሲለሳለስ ወይም እምቢ ሲል መልሱን እንዴት ታነባላችሁ?

ፎቶ አይተው መልስ የሚሰጡ የኤአይ መተግበሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ያለ መልስ ይሰጣሉ። ደረሰኝ ብትልኩላቸው ቁጥሩን ያነባሉ። የአበባ ፎቶ ብትልኩ ዓይነቱን ይገምታሉ። አንዳንድ ፎቶ ላይ ግን አነጋገራቸው ድንገት ይቀየራል። ዙሪያውን ይሄዳሉ፣ ወደ ባለሙያ ይመራሉ፣ ወይም ጭራሽ አንመልስም ይላሉ።

እዚህ ላይ ሰው በሁለት መንገድ ይሳሳታል። አንዱ ዝምታውን መጥፎ ዜና አድርጎ ይወስደዋል፦ «ያልነገረኝ ነገሩ ከባድ ቢሆን ነው።» ሌላው ደግሞ ለስላሳውን መልስ ማረጋገጫ አድርጎ ያርፍበታል፦ «ከባድ ቢሆን ኖሮ ይነግረኝ ነበር።» ሁለቱም መልሱ ውስጥ የሌለ ነገር እያነበቡ ነው። በተለይ ጉዳዩ የጤና ሲሆን ይህ ስህተት ዋጋ ያስከፍላል። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣል፤ ሌላው መሄድ የነበረበትን ሐኪም ቤት ይተዋል።

ከሁሉም በፊት ይህን ያዙ፦ እምቢታው በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ጥያቄው ዓይነት ነው። ስለ እናንተ ፎቶ ብዙም አይናገርም።

ይህን በደንብ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የጎግል የፎቶ ማከማቻ ጥቁር ሰዎችን «ጎሪላ» ብሎ ሰየማቸው። ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያም የጎሪላን ስም ከመለያዎቹ ዝርዝር አወጣው። ጋዜጠኞች በ2018 እና እንደገና በ2023 ሲሞክሩት እገዳው አልተነሳም ነበር። እውነተኛ የጎሪላ ፎቶ ያለው ሰው ስሙን ጽፎ ቢፈልግ ምንም አይመጣለትም ነበር። ታዲያ ባዶው ውጤት «ፎቶዎችህ ውስጥ ጎሪላ የለም» ማለት ነው? አይደለም። ኩባንያው አንድ ዓይነት ስህተት ዳግም እንዳይፈጠር በሩን ዘግቶታል ማለት ነው። ዛሬ የምታገኙት ብዙ እምቢታም በዚሁ መንገድ የተዘጋ በር ነው።

ደረጃ 1፦ እምቢ ያለው ማነው?

እኛ የምናየው አንድ የመልስ ሳጥን ነው። ከጀርባው ግን ፎቶው በሦስት ቦታ ሊቆም ይችላል።

የመጀመሪያው መግቢያው ላይ ነው። ፎቶው ዋናው ሞዴል ዘንድ፣ ማለትም ፎቶውን አይቶ መልሱን የሚጽፈው ፕሮግራም ዘንድ፣ ከመድረሱ በፊት አንድ ትንሽ ማጣሪያ ያየዋል። ይህ ማጣሪያ ፎቶውን አይረዳውም። ብዙ የተጋለጠ ቆዳ፣ ደም ወይም የጦር መሣሪያ የሚመስል ነገር ሲያይ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ከተቀመጠው ጣሪያ ካለፈ ያግዳል። ጡት የሚጠባ ሕፃን፣ የቀዶ ጥገና ቁስል ወይም የድንጋይ ሐውልት የሚታገደው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ራሱ ሞዴሉ ነው። ሞዴሉ ፎቶውን አይቷል፤ ነገር ግን ሲሠለጥን «እንዲህ ያለውን ጥያቄ በዚህ መንገድ መልስ» ተብሎ ተገርቷል። መተግበሪያውን የሠራው ድርጅትም ለእኛ የማይታይ ተጨማሪ መመሪያ ሊሰጠው ይችላል። ያው አንድ ሞዴል አንድ አፕ ላይ ሲመልስ ሌላ አፕ ላይ እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

ሦስተኛው መውጫው ላይ ነው። መልሱ ከተጻፈ በኋላ ሌላ ማጣሪያ ያየዋል። መልሱ መጻፍ ጀምሮ፣ ሁለት መስመር ሄዶ፣ ድንገት ጠፍቶ በአጭር ማስታወቂያ ከተተካ የቆመው እዚህ ነው።

እንዴት ትለያላችሁ? አጻጻፉን ተመልከቱ። የመግቢያውና የመውጫው ማጣሪያ የሚያሳዩት የተዘጋጀ ጽሑፍ ነው። አጭር ነው፣ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነው። በአማርኛ ጠይቃችሁ እሱ በእንግሊዝኛ ሊመጣ ይችላል። ፎቶው ላይ ያለ ምንም ነገር አይጠቅስም። የሞዴሉ እምቢታ ግን እንደ ንግግር ነው፤ በጠየቃችሁበት ቋንቋ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም ያየውን አንድ ነገር ያነሳል። «የእግር ፎቶ ነው፣ ተረከዙ አጠገብ ቡናማ ነጥብ ይታያል» ብሎ ከዚያ ካፈገፈገ፣ አይቶ ነው ያፈገፈገው። ይህ ልዩነት ቀላል አይመስለኝም። ማጣሪያ ካገደው ፎቶውን ቀይሮ መላክ ይረዳል። ሞዴሉ ካፈገፈገ ደግሞ የሚረዳው ጥያቄውን መቀየር ነው።

በኮድ በኩል የምትሠሩ ከሆነ መገመት አያስፈልግም፣ ከመልሱ ጋር አብሮ የሚመጣው ምልክት ይነግራችኋል። በቻትጂፒቲ ሠሪው በኦፕንኤአይ በኩል `finish_reason` ላይ `content_filter` ከመጣ ማጣሪያ ነው ያቆመው። በጎግሉ ጀሚኒ `promptFeedback` ውስጥ `blockReason` ካለ የታገደው ገና መግቢያው ላይ ነው፤ `finishReason` `SAFETY` ከሆነ ግን መልሱ ላይ ነው የቆመው።

ደረጃ 2፦ «አልችልም» ሲል ምን ማለቱ ነው?

«አልችልም» የሚለው ቃል በእነዚህ መተግበሪያዎች አፍ ሦስት የተለያየ ነገር ይሸፍናል፦ አይታየኝም፣ እርግጠኛ አይደለሁም፣ አልናገርም። መልሱ ራሱ አይለይላችሁም፤ እናንተ ናችሁ የምትለዩት።

«አይታየኝም» የጥራት ጉዳይ ነው። በስልክ የተነሳ ፎቶ ረጅሙ ጎኑ 4,000 ፒክሰል ገደማ ሊሆን ይችላል። ብዙ መተግበሪያዎች ግን ፎቶውን ከማየታቸው በፊት ያሳንሱታል፤ አንዳንዶቹ ረጅሙን ጎን ወደ 1,500 ፒክሰል ገደማ ያወርዱታል። ስለዚህ እናንተ ስልካችሁ ላይ በጣት ከፍታችሁ ቁልጭ አድርጋችሁ የምታዩትን ትንሽ ጽሑፍ እነሱ አያዩትም። እዚህ ላይ መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሚፈለገውን ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ እንደገና ላኩ። ሲቆረጥ መልሱ ከተቃና ችግሩ የእይታ ነበር ማለት ነው።

«እርግጠኛ አይደለሁም» የሚለው እውነተኛ ጥንቃቄ ነው። ከአንድ ፎቶ የማይገኝ መረጃ ሲጠየቅ ይመጣል። እንጉዳይ ይበላል ወይስ ይመርዛል የሚለው ጥሩ ምሳሌ ነው። መርዛማውና የሚበላው በፎቶ እጅግ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ባለሙያም ከሥሩ ነቅሎ፣ አሽትቶ፣ የዘሩን ቀለም አይቶ ነው የሚወስነው። እንዲህ ያለው መለሳለስ በፍጹም ሊያናድዳችሁ አይገባም። እዚህ ላይ የሚያስፈራው አለመለሳለሱ ነው።

«አልናገርም» ደግሞ መመሪያ ነው። ዋናው ምሳሌ የሰው ፊት ነው። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ምስል የሚያየውን ሞዴሉን ሲያወጣ አብሮ ባሳተመው ሰነድ ላይ፣ ፎቶ ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ሞዴሉ ከ98 በመቶ በላይ እምቢ እንዲል እንዳደረገው ጽፏል። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። መንገድ ላይ የማያውቃትን ሴት ፎቶ አንስቶ «ይቺ ማናት?» ብሎ ስሟን የሚያገኝ ሰው አድራሻዋን ለማግኘት ብዙ አይቀረውም።

ስለዚህ መተግበሪያው «ይህን ሰው መለየት አልችልም» ሲላችሁ ሰውዬው አይታወቅም ማለት አይደለም። ፎቶው መጥፎ ነው ማለትም አይደለም። በጣም ታዋቂ ለሆነ ሰውም እንዲሁ ሊላችሁ ይችላል። ልብ በሉ፣ ማንነትን መለየትና መልክን መግለጽ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች የሚያገለግለው ቢ ማይ አይስ የተባለው መተግበሪያ በ2023 ይህን ሞዴል ሲሞክር ለተወሰነ ጊዜ ፊቶች ለግላዊነት ሲባል ተሸፍነዋል የሚል መልስ ይሰጥ ነበር። ማየት ለተሳነው ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ አጠገቡ የቆመው ሰው እየሳቀ ይሁን እየተቆጣ ማወቅ ይፈልጋላ። ዛሬ ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ስም አይናገሩም እንጂ ልብሱን፣ የፊት ገጽታውን፣ ሰውየው ምን እያደረገ እንደሆነ ይገልጻሉ። ፎቶው ላይ ስም የተጻፈበት ባጅ ወይም የፎቶ መግለጫ ካለም ያነቡታል። የሚፈልጉት ስሙ ከፊቱ ሳይሆን ከጽሑፉ እንዲመጣ ነው። «ማነው?» ብላችሁ እምቢ ከተባላችሁ «ምን ይታያል? ምን ተጽፏል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ መልሱን በዓረፍተ ነገር ከፋፍላችሁ አስምሩበት

አሁን ወደ አንድ ጉዳይ እንግባና በዝርዝር እንሂድበት። አንዲት ሴት በውስጥ እግሯ፣ ተረከዟ አጠገብ፣ ጥቁር ነጥብ አየች እንበል። ማታ፣ ቢጫ አምፖል ሥር፣ ስልኩን አርቃ ሙሉ ውስጥ እግሯን ፎቶ አነሳች። ከፎቶው ጋር «ይሄ ካንሰር ነው?» ብላ ጻፈች።

የሚመጣላት መልስ አብዛኛውን ጊዜ አራት ነገር ይይዛል። አንደኛ፣ ተረከዙ አጠገብ ጠቆር ያለ ነጥብ እንደሚታይ ይገልጻል። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያሉ ነጥቦች ብዙዎቹ ጉዳት የሌላቸው መሆናቸውን፣ ጥቂቶቹ ግን ክትትል እንደሚፈልጉ ያነሳል። ሦስተኛ፣ ከፎቶ ብቻ ምርመራ መስጠት እንደማይቻል ይናገራል። አራተኛ፣ ወደ ቆዳ ሐኪም እንድትሄድ ይመክራል።

አሁን እስክሪብቶ አንሱና ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ ይህ ዓረፍተ ነገር የሌላ ሰው ፎቶ ሥር ቢቀመጥ እውነት ይሆናል? ሁለተኛው ይሆናል። ሦስተኛውም ይሆናል። አራተኛውም እንደዚያው። የማይሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ስለ እሷ እግር የተነገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱም «ነጥብ አለ» የሚል ነው። ያንን እሷም ታውቃለች።

«ብዙዎቹ ጉዳት የላቸውም» የሚለው ስለ እሷ ነጥብ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ስለ ነጥቦች ሁሉ የተነገረ ነው። «ሐኪም ጋ ሂጂ» የሚለውም አንድ መጥፎ ነገር ስለታየ የመጣ አይደለም፤ ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሁሉ የሚመጣ ነው። መጽናናቱም መደንገጡም ከዚህ መልስ አይወጣም።

አንድ ነገር ግን ይለያል። ምክሩ ላይ የተለየ ምልክትና የተለየ ጊዜ ከተጠቀሰ አትለፉት። «ሐኪም አማክሩ» እና «ጠርዙ አንድ ወገን ላይ የተዛባ ነው፣ ሁለት ዓይነት ቀለምም ይታያል፣ ስለዚህ በዚህ ሳምንት ብትታዪ ጥሩ ነው» አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ከፎቶው የተነሳ ነው። ትክክል ላይሆን ይችላል፣ ግን በቁም ነገር የሚወሰድ ነው።

ደረጃ 4፦ አንዱን ያዙ፣ ሌላውን ቀይሩ

ማስመር ካልበቃችሁ ሁለት ሙከራ አለ። ሁለቱንም በአዲስ የውይይት ገጽ ላይ አድርጉ። በአንድ ውይይት ውስጥ አንዴ እምቢ ያለ መተግበሪያ ቀጥሎ ለሚመጣውም ጥያቄ እየተጠነቀቀ ሊሄድ ይችላል።

የመጀመሪያው ሙከራ ጥያቄውን ይዞ ፎቶውን መቀየር ነው። ሴትየዋ ክንዷ ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ ያለ፣ ሐኪም አይቶት ምንም አይደለም ያለው ነጥብ አላት እንበል። እሱን አንስታ ያንኑ «ይሄ ካንሰር ነው?» ብላ ትጠይቅ። መልሱ ከፊተኛው ጋር ተመሳሳይ ከሆነ የመጀመሪያው መለሳለስ የመጣው ከጥያቄው ነበር። ስለ እግሯ ምንም ሚስጥር አልያዘም።

ሁለተኛው ፎቶውን ይዞ ጥያቄውን መቀየር ነው። «ካንሰር ነው?» ፍርድ ይጠይቃል። «የጠርዙን ቅርፅ፣ የምታየውን ቀለም ሁሉና መጠኑን ግለጽ፤ በግልጽ የማይታየውንም ለይተህ ተናገር» የሚለው ግን የሚታየውን ይጠይቃል። ፍርድ የከለከለው መተግበሪያ ለዚህኛው ብዙ ጊዜ ሳያመነታ ይመልሳል። ይህ መተግበሪያውን ማታለል አይደለም። ሊመልሰው የሚችለውን ጥያቄ ማግኘት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ፎቶው ራሱ መስተካከል አለበት። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ነጥቡ ምናልባት 200 ፒክሰል ስፋት ነበረው። መተግበሪያው ሲያሳንሰው 75 ገደማ ይቀራል። በዚያ ላይ ቢጫው አምፖል ቀለሙን ቀይሮታል። ስለዚህ ቀን ላይ፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ ታንሳ። ስልኩን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ታቅርብ፣ ስክሪኑ ላይ ነጥቡን በጣቷ ነክታ ፎከሱን ታስተካክል፣ አጠገቡም ማስመሪያ ታስቀምጥ። ማስመሪያው የግድ ነው፤ ያለ እሱ መጠን ግምት ብቻ ነው።

አዲሱ መልስ እንዲህ ያለ ነገር ሊያመጣላት ይችላል፦ አንደኛው ጠርዝ የደበዘዘ፣ ሁለት ቀለም ያለው፣ በማስመሪያው 7 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ነጥብ። አሁን ሐኪም ዘንድ ይዛ የምትቀርበው ነገር አገኘች። የቆዳ ሐኪሞች ሜላኖማ የተባለውን የቆዳ ካንሰር ሲጠረጥሩ የሚያዩአቸው አምስት ምልክቶች አሉ፦ ሁለቱ ግማሾች አለመመሳሰል፣ የጠርዝ መዛባት፣ የቀለም መለያየት፣ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ መሆንና በጊዜ ሂደት መለወጥ። አራቱ ከፎቶ ሊገለጹ ይችላሉ። አምስተኛውን፣ ማለትም መለወጡን፣ አንድ ፎቶ በፍጹም አያሳይም። እሱን የምታውቀው እሷ ናት። «ከሦስት ወር በፊት አልነበረም» የምትለው አንድ ዓረፍተ ነገር መተግበሪያው ከሚሰጣት ገጽ ሙሉ መልስ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ጉዳይ አለ። መተግበሪያው ጠርዙ የተስተካከለ ነው፣ ቀለሙም አንድ ነው ካለ ያ ነፃ የመሆን ማረጋገጫ አይደለም። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ኦፕንኤአይ በዚያው የ2023 ሰነዱ ሞዴሉ የሕክምና ምስሎች ላይ ለአንድ ጥያቄ አንዴ ትክክል አንዴ ስህተት እንደሚመልስ ገልጾ ነበር፤ ለሕክምና ሥራ ብቁ ነው ብሎ እንደማያምንም ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ሞዴሎቹ ተሻሽለዋል፤ አንድ ፎቶ ብቻውን የሚይዘው መረጃ ግን አልጨመረም። ሁለተኛ፣ የቆዳ ምስል የሚያነቡ ፕሮግራሞች ከጠቆረ ቆዳ ይልቅ በነጣ ቆዳ ፎቶ ነው ይበልጥ የሠለጠኑት። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በጠቆረ ቆዳ ላይ ውጤታቸው እንደሚወርድ አሳይቷል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ሜላኖማ ይበልጥ የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ስለዚህ ውስጥ እግር ላይ አዲስ የወጣ ወይም የሚያድግ ነጥብ መተግበሪያው ምንም ቢል በሐኪም መታየት አለበት። ሐኪሙ ብርሃን ባለው ማጉያ ያየዋል፤ ከጠረጠረም ትንሽ ናሙና ቆርጦ ያስመረምራል። ቁርጡ የሚታወቀው በናሙናው ነው።

ደረጃ 5፦ ሳይታወቅ የሚቀየር ጥያቄ

ከግልጽ እምቢታ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። መተግበሪያው እምቢ አይልም፤ ያልጠየቃችሁትን ይመልሳል። «ይህ ክኒን ምንድነው?» ብላችሁ የክኒን ፎቶ ትልካላችሁ። እሱ ስለ ክኒኑ ቅርፅና ቀለም ይነግራችኋል፣ ከዚያ መድኃኒት እንዴት እንደሚቀመጥ ያብራራል፣ ለፋርማሲ ባለሙያ አሳዩ ብሎ ይጨርሳል። መልሱ ረጅም ስለሆነ የተመለሰላችሁ ይመስላችኋል። የክኒኑ ስም ግን የለም።

መለያው ቀላል ነው። መልሱን ከማንበባችሁ በፊት የጠየቃችሁትን በአንድ ቃል ለራሳችሁ ያዙ፦ ስም፣ ቁጥር፣ አዎ ወይም አይ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ያ ቃል አለ? ከሌለ ጥያቄው ተለውጦባችኋል። እንዲህ ሲሆን በግልጽ ጠይቁ፦ «ስሙን ያልነገርከኝ ፎቶው ላይ ያለው ጽሑፍ ስለማይነበብ ነው ወይስ በፎቶ ብቻ መለየት ስለማይገባ?» የምታገኙት ምክንያት ሙሉ በሙሉ የሚታመን አይደለም፤ እነዚህ መተግበሪያዎች ስለ ራሳቸው አሠራር ሲጠየቁ የሚመስለውን ነው የሚናገሩት። ነገር ግን «ጽሑፉ አይነበብም» ካለ መፈተን ይቻላል። ቅርብ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። አሁንም ስሙን ካልነገራችሁ ምክንያቱ ጽሑፉ አልነበረም።

ያለ አግባብ የታገደ ሲመስላችሁ

ማጣሪያ ይሳሳታል። ስለዚህ ያለ ጥፋታችሁ ብትታገዱ የተከሰሳችሁ ያህል አይሰማችሁ። ከፎቶው ጥያቄያችሁን የማይመለከተውን ቁረጡ፤ ከበስተጀርባ ያለ ፖስተር ወይም ከፊል ልብስ የለበሰ ሰው ሊሆን ይችላል ያስቆመው። ለምን እንደፈለጋችሁት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «የቀዶ ጥገና ቁስል ነው፣ ስፌቱ መላቀቁን ማወቅ እፈልጋለሁ።» ይህ ሞዴሉን ይረዳል፤ የመግቢያውን ማጣሪያ ግን ብዙም አይለውጠውም። ፎቶው ላይ ለማሽን የተሰጠ ትእዛዝ የሚመስል ጽሑፍ ካለም ሸፍኑት። አንዳንድ መተግበሪያዎች እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያዩ ይጠነቀቃሉ።

አንድ ዓይነት ፎቶ ላይ ግን ደግማችሁ አትሞክሩ፦ የልጅ ራቁት ፎቶ። ለሕክምናም ቢሆን። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ኒውዮርክ ታይምስ ስለ ሁለት አባቶች ዘግቦ ነበር። ሁለቱም የትንንሽ ልጆቻቸውን የታመመ የሰውነት ክፍል ያነሱት ለሐኪም ለማሳየት ነበር። ፎቶዎቹ ወደ ጎግል ማከማቻ ሲገቡ ማሽኑ የሕፃናት ጥቃት ምስል ብሎ ያዛቸው። አካውንታቸው ተዘጋ፣ ጉዳዩም ለፖሊስ ደረሰ። ፖሊስ ወንጀል የለም ቢልም አካውንቱ አልተመለሰም። እዚህ ላይ ማጣሪያው ሆን ተብሎ ጥብቅ ተደርጓል፤ የሚጠብቀውም እውነተኛ ሕፃናትን ነው፤ ስለዚህ ጥብቅ መሆኑን አልቃወምም። እናንተ ግን ልጃችሁ ላይ ሽፍታ ቢወጣ ስለ ሽፍታው በቃላት ጻፉ፦ የት እንደወጣ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ቀለሙ፣ ትኩሳት መኖሩን። ልጁን ደግሞ በአካል ለሐኪም አሳዩት።

ሌላው እገዳ ስህተት ነው ብላችሁ ካመናችሁ ከመልሱ ሥር ያለውን የአውራ ጣት ወደ ታች ምልክት ንኩና አስተያየት ጻፉ። «አልሠራም» ብቻ አትበሉ። ፎቶው ምን እንደሆነ፣ ምን እንደጠየቃችሁ፣ ያገኛችሁት የተዘጋጀ ማስታወቂያ ይሁን ወይም የሞዴሉ የራሱ መልስ ለይታችሁ ጻፉ። ከመላካችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አስቡ፤ አስተያየቱ ሲላክ ውይይቱና ፎቶው አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ሰው እንዲያየው የማትፈልጉት ፎቶ ከሆነ አስተያየቱን ተዉትና ውይይቱን አጥፉት።